በጤና ጣቢያ የሚመጣ ትዕዛዝ፣ በመደርደሪያ የሚወጣ መድኃኒት



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ወረቀት ነው። መጋዘን ውስጥ የሚሠራ ሰው ጠዋት ተቀብሎት፣ ጋሪውን እየገፋ ዕቃ የሚያወጣበት ዝርዝር ነው። በሥራ ላይ ሁላችንም ፒክ ሊስት እንለዋለን። ይህ ወረቀት በምን ቅደም ተከተል መጻፍ እንዳለበት፣ የብዙ ጤና ጣቢያዎች ትዕዛዝ አንድ ላይ ሲጠቃለል ምን እንደሚሆንና የት ላይ እንደሚበላሽ በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ እፈልጋለሁ።

ጅማ መጋዘን የማያውቅ አገር አይደለም። ለብዙዎቻችን መጋዘን ሲባል ቶሎ የሚታየን የቡና መጋዘን ነው። የቡና መጋዘን ሥራ ግን ከዛሬው ጉዳይ ይለያል። እዚያ የዕቃው ዓይነት ጥቂት፣ መጠኑ ብዙ ነው። ጆንያው በክምር ይቀመጣል፤ ሲወጣም ከታወቀ ክምር በብዛት ይወጣል። የሚያወጣው ሰው ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ብቻ ይደርሳል። የመድኃኒት መጋዘን ተቃራኒው ነው። የዕቃው ዓይነት በመቶ ይቆጠራል፤ አንድ ጤና ጣቢያ የሚያዝዘው ግን ከአንዱ 20፣ ከሌላው 15 ፓኬት ነው። ስለዚህ ሠራተኛው ብዙ ቦታ ሄዶ ከየቦታው ጥቂት ጥቂት ያነሣል። በእንዲህ ያለ መጋዘን ትልቁ ድካም ማንሣቱ ሳይሆን መሄዱ ነው። የዘርፉ መማሪያ መጻሕፍትም ዕቃ ከሚያወጣ ሠራተኛ ጊዜ ግማሽ ያህሉ በእግር ጉዞ እንደሚያልቅ ያስተምራሉ።

በአገራችን ለመንግሥት ጤና ተቋማት መድኃኒት የሚያቀርበው የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ነው። በ1999 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 553 የመድኃኒት ፈንድና አቅርቦት ኤጀንሲ ተብሎ የተቋቋመው መሥሪያ ቤት ማለት ነው። እዚህ ጅማም ቅርንጫፍ አለው። ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች በየሁለት ወሩ ሪፖርትና መጠየቂያውን በአንድ ቅጽ ላይ ሞልተው ይልካሉ። በቅጹ ላይ ያለፉት ሁለት ወራት ፍጆታ፣ በእጅ ያለው ቀሪና የሚጠየቀው መጠን ይጻፋል። አንድ ጤና ጣቢያ ሲሞላ የ4 ወር ፍጆታ እንዲኖረው ይታሰባል፤ ቀሪው ከ2 ሳምንት ፍጆታ በታች ከወረደ ደግሞ ሁለት ወሩን ሳይጠብቅ አስቸኳይ ጥያቄ ያቀርባል።

የእኔ ነገር የሚነሣው ከዚህ ቅጽ ነው። ትዕዛዙ የሚመጣው በጤና ጣቢያ ነው፤ አንድ ቅጽ፣ አንድ ጤና ጣቢያ። መድኃኒቱ የሚቀመጠው ግን በመደርደሪያ ነው። መደርደሪያው የሰቃን ጤና ጣቢያ አያውቅም፤ የሸቤንም አያውቅም። ፓራሲታሞል ሁሉ አንድ ቦታ ነው። እንግዲህ በጤና ጣቢያ የተጻፈውን ወደ መደርደሪያ መገልበጥ፣ ዕቃው ከወጣ በኋላ ደግሞ መልሶ ወደ ጤና ጣቢያ መከፋፈል ያስፈልጋል። ፒክ ሊስት የእነዚህ የሁለቱ መገልበጦች ወረቀት ነው። ብዙ መጋዘን የመጀመሪያውን ብቻ ያስብበትና ሁለተኛውን ለሠራተኛው ትዝታ ይተወዋል።

ወደ ምሳሌው እንግባ። ቁጥሮቹ ለማስተማሪያ እንዲመቹ እኔ የመረጥኳቸው ናቸው። ሦስት ጤና ጣቢያዎች ትዕዛዝ ልከዋል እንበል፤ ሰቃ፣ ሸቤና አጋሮ። መጋዘናችን አራት መተላለፊያ አለው። እያንዳንዱ 10 ሜትር ይረዝማል፤ በአንድና በሌላው መካከል 3 ሜትር አለ። ከፊትም ከኋላም ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ይቻላል። በየመተላለፊያው ከፊት ወደ ኋላ ከ01 እስከ 10 የተቆጠሩ ቦታዎች አሉ፤ 01 ከፊት 1 ሜትር ላይ፣ 10 መጨረሻው ላይ። ማሸጊያው ጠረጴዛ በመጀመሪያው መተላለፊያ አፍ ላይ ነው።

መተላለፊያዎቹን ሀ፣ ለ፣ መ፣ ረ ብያቸዋለሁ። ሐንና ሠን የዘለልኩት ሆን ብዬ ነው። ሀ እና ሐ በወረቀት ላይ ይለያያሉ፤ በአፍ ግን አንድ ናቸው፤ ሠ እና ሰም እንዲሁ። አንዱ ሠራተኛ ከጠረጴዛው ሆኖ «ሀ ሦስት ላይ ስንት ቀረ?» ብሎ ሲጮህ፣ ሌላው ሐ 03 ላይ ቆሞ ቆጥሮ ሊመልስለት ይችላል። መጋዘን ውስጥ ብዙ ነገር በድምፅ ይነገራል፤ ስለዚህ የቦታ ስም ሲወጣ በጆሮ የሚለይ መሆን አለበት።

ስድስት መድኃኒትና መገልገያ እንውሰድ። ኖርማል ሳላይን ሀ-02 ላይ፣ ኦአርኤስ ሀ-10 ላይ፣ ፓራሲታሞል ለ-04 ላይ፣ አሞክሲሲሊን ለ-09 ላይ፣ ኮአርተም መ-03 ላይ፣ ጓንት ረ-07 ላይ አለ። ሦስቱ ጤና ጣቢያዎች እያንዳንዳቸው ከስድስቱ አምስት አምስቱን ጠይቀዋል። በድምሩ 15 የትዕዛዝ መስመር ማለት ነው።

አንድ ሠራተኛ ቅጾቹን አንድ በአንድ ይዞ ቢወጣ፣ 15 ጊዜ ቆሞ ያነሣል፤ መተላለፊያዎቹንም ሦስት ጊዜ ያዳርሳል። ለእያንዳንዱ ቅጽ የሚቻለውን አጭር መንገድ ቢመርጥ እንኳ የሦስቱ ጉዞ ተደምሮ ከ150 ሜትር ይበልጣል። ሦስቱን አጠቃለን በአንድ ዙር ብናወጣ ግን የምንደርስባቸው ቦታዎች 6 ብቻ ናቸው። ለ-04 ላይ አንድ ጊዜ ቆመን የሰቃን 50፣ የሸቤን 30፣ የአጋሮን 70፣ በድምሩ 150 ፓኬት ፓራሲታሞል እናነሣለን። የማጠቃለል ጥቅሙ ይህ ነው።

ማጠቃለሉ ብቻውን ግን አይበቃም። የተጠቃለለው ዝርዝር በምን ቅደም ተከተል ይጻፍ? ቅጹ ላይ ባለው ተራ ቢሆን፣ ለምሳሌ አሞክሲሲሊን፣ ኦአርኤስ፣ ኖርማል ሳላይን፣ ኮአርተም፣ ጓንት፣ ፓራሲታሞል እያለ ቢሄድ፣ ሠራተኛው ለ-09 ሄዶ ወደ ሀ ይመለሳል፤ ከሀ ለን ዘሎ ወደ መ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ረ ሄዶ፣ በመጨረሻ ለፓራሲታሞል እንደገና ወደ ለ ይመጣል። መንገዱን ለክቼዋለሁ፤ ከጠረጴዛው ተነሥቶ እስኪመለስ 70 ሜትር ነው። ስድስት መስመር ብቻ ስለሆነ ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። መስመሩ መቶ ሲሆን ግን በየመስመሩ ከአንድ መተላለፊያ ወደ ሌላው መመላለስ ማለት ነው።

«እንግዲያው በቦታ ቁጥር ደርድረው» ይባላል። ትክክል ነው፤ ነገር ግን እዚህ ሁለት ወጥመድ አለ።

የመጀመሪያው ወጥመድ ኮምፒውተሩ የቦታውን ስም እንደ ቃል እንጂ እንደ ቁጥር አለማንበቡ ነው። ቦታዎቹን ሀ-2፣ ሀ-10 ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ ሲደረደር ሀ-10 ከሀ-2 በፊት ይመጣል፤ ምክንያቱም መጀመሪያ የሚያወዳድረው 1ን ከ2 ጋር ነው። ሠራተኛው እስከ መጨረሻው ሄዶ ኦአርኤስ ያነሣና ለሳላይን 8 ሜትር ይመለሳል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሀ-02 ብሎ በሁለት አሃዝ መጻፍ። ቦታው ከ99 የሚበልጥ ከሆነ በሦስት አሃዝ ነው። ይህ የሚወሰነው መደርደሪያው ላይ ቁጥር ሲለጠፍ ነው፤ ኋላ ለመለወጥ መለያውንም፣ ቢን ካርዱንም፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውንም ሁሉ መንካት ይጠይቃልና።

ሁለተኛው ወጥመድ ይበልጥ የተደበቀ ነው። በሁለት አሃዝ ብንጽፍና በትክክል ቢደረደርም፣ ዝርዝሩ ሀ-02፣ ሀ-10፣ ለ-04፣ ለ-09 እያለ ይወርዳል። ሰው ግን እንዲህ አይሄድም። ሀ-10 ሲደርስ የመተላለፊያው መጨረሻ ላይ ነው፤ በኋላ በኩል ተሻግሮ ወደ ለ ሲገባ ፊት ለፊቱ የሚያገኘው ለ-09ን ነው። ለ-04 ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው መተላለፊያ ቁጥሩ ከታች ወደ ላይ፣ በሁለተኛው ከላይ ወደ ታች፣ በሦስተኛው እንደገና ከታች ወደ ላይ መሄድ አለበት። መንገዱ እንደ እባብ ይጠማዘዛል።

ይህን ለማግኘት የሚያስፈልገው ውስብስብ ፕሮግራም አይደለም። ለእያንዳንዱ ቦታ ከስሙ ሌላ አንድ የጉዞ ተራ ቁጥር ይሰጠዋል። ከሀ-01 እስከ ሀ-10 ከ1 እስከ 10 ይሁኑ። ከዚያ ለ-10 11 ይሆንና ወደ ፊት እየመጣን ለ-01 20 ይሆናል። መ-01 21 ብሎ ይጀምራል፤ ረ-10 31 ብሎ ይጀምርና ረ-01 በ40 ይጨርሳል። ይህ በኮምፒውተር ሠንጠረዥ ውስጥ አንድ ተጨማሪ ዓምድ ነው። አንድ ጊዜ በእግር እየሄዳችሁ ትሞሉታላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ፒክ ሊስቱ ሁልጊዜ በዚህ ዓምድ ይደረደራል። የቦታ ስሙ ለዓይን ነው፤ የጉዞ ተራው ለእግር ነው። አንዱ የሌላውን ሥራ እንዲሠራ ማድረግ አይገባም።

የምሳሌያችን ዝርዝር በጉዞ ተራ ሲደረደር ይህን ይመስላል፦

ሀ-02፣ ኖርማል ሳላይን፦ ሰቃ 20፣ አጋሮ 30፤ ድምር 50
ሀ-10፣ ኦአርኤስ፦ ሰቃ 15፣ ሸቤ 10፤ ድምር 25
ለ-09፣ አሞክሲሲሊን፦ ሰቃ 40፣ ሸቤ 25፣ አጋሮ 60፤ ድምር 125
ለ-04፣ ፓራሲታሞል፦ ሰቃ 50፣ ሸቤ 30፣ አጋሮ 70፤ ድምር 150
መ-03፣ ኮአርተም፦ ሸቤ 30፣ አጋሮ 50፤ ድምር 80
ረ-07፣ ጓንት፦ ሰቃ 20፣ ሸቤ 10፣ አጋሮ 25፤ ድምር 55

አራቱን መተላለፊያ እያቋረጠ ሄዶ በፊት በኩል ወደ ጠረጴዛው ሲመለስ ሠራተኛው 58 ሜትር ይጓዛል። ከቅጹ ተራ ጋር ሲነጻጸር 12 ሜትር አተረፈ፤ ከዚያ የሚበልጠው ትርፍ ግን ወደ ኋላ ማየት አለመኖሩ ነው። ወረቀቱ ላይ ቀጥሎ ያለው መስመር ፊቱ ላይ ያለው መደርደሪያ ነው። ሳላይኑ መጀመሪያ የመጣውም በአጋጣሚ አይደለም። ከባድ ዕቃ የጉዞው መጀመሪያ ላይ ካልተቀመጠ፣ በጋሪው ላይ ከታች መሆን ሲገባው ከላይ ይጫንና የታችኛውን ፓኬት ይጨፈልቃል።

«58 ሜትር ከሁሉ አጭሩ ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። አይደለም። ሀን ጨርሶ፣ ለን ከኋላ ገብቶ ከኋላ ቢወጣ፣ በኋላ በኩል ቀጥታ ወደ ረ ቢሄድ፣ ሲመለስ መን ከፊት ቢነካ 56 ሜትር ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1983 ራትሊፍና ሮዘንታል የተባሉ ተመራማሪዎች እንዲህ ባለ አራት ማዕዘን መጋዘን ውስጥ ከሁሉ አጭሩን መንገድ በፍጥነት ማስላት እንደሚቻል አሳይተዋል። ይህ ትልቅ ውጤት ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ቦታዎችን በአጭሩ የማዳረስ ጥያቄ በጠቅላላው ሲታይ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ለእኛ መጋዘን ግን የምመክረው እባቡን ነው። አጭሩ መንገድ በየዙሩ ይለዋወጣል፤ ዛሬ ከኋላ የተገባበት መተላለፊያ ነገ ከፊት ይገባበታል። እባቡ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው። ሠራተኛው በሳምንት ውስጥ በቃሉ ይይዘዋል፤ ሁለት ሰዎች ሲሠሩም በአንድ አቅጣጫ ስለሚሄዱ ጋሪ ከጋሪ አይጋጭም። ሁለት ሜትሯን ለዚህ መክፈል አያስቆጭም። ዕቃው በአንድ ሁለት መተላለፊያ ብቻ ባለበት ቀን ደግሞ ባዶውን መተላለፊያ መዝለል ይፈቀዳል፤ ዝርዝሩ ላይ ያልተጻፈ መተላለፊያ ውስጥ የሚገባ የለም።

አሁን ወደ መደርደሪያው እንጠጋ። ለ-09 ላይ 125 ፓኬት አሞክሲሲሊን ማንሣት አለብን። እዚያ ግን ሁለት ባች አለ። ቀድሞ አገልግሎቱ የሚያበቃው ባች 90 ፓኬት ቀርቶታል፤ ሌላው ብዙ ነው። የመድኃኒት ሕግ ቀድሞ የሚያበቃው ቀድሞ ይውጣ ነው። ስለዚህ ይህ መስመር ወረቀቱ ላይ ሁለት መሆን አለበት፤ ከመጀመሪያው ባች 90፣ ከሁለተኛው 35። ዝርዝሩ «አሞክሲሲሊን 125» ብቻ ካለ፣ የቸኮለ ሠራተኛ ለእጁ የቀረበውን ያነሣል። ለእጅ የሚቀርበው ደግሞ ብዙ ጊዜ በቅርቡ የገባው፣ ማለትም ዘግይቶ የሚያበቃው ነው። አሮጌው ከኋላ እየቀረ ጊዜው ያልፍበታል።

መክፈሉ በዚህ አያበቃም፤ የትኛው ባች ለማን እንደሄደም መታወቅ አለበት። ነገ አንድ ባች እንዲሰበሰብ ትዕዛዝ ቢመጣ፣ የትኛው ጤና ጣቢያ ጋ እንዳለ ከወረቀቱ መገኘት ይኖርበታል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ባች ሰቃ 40፣ ሸቤ 25፣ አጋሮ 25 ይወስዳሉ፤ ከሁለተኛው አጋሮ 35 ይወስዳል። የአጋሮው ሞዴል 22 ላይም አሞክሲሲሊን በሁለት መስመር ይወጣል። ይህ ክፍፍል ከመነሣቱ በፊት በጠረጴዛ ላይ ያልቃል እንጂ ለሠራተኛው አይተውም።

ቀጥሎ መ-03። ዝርዝሩ 80 ኮአርተም ይላል፤ መደርደሪያው ላይ የተገኘው 64 ነው። በየቅጹ ተለይቶ የሚሠራ ቢሆን እጥረቱ መጨረሻ በተነሣው ጤና ጣቢያ ላይ ይወድቅና ቢያንስ በግልጽ ይታያል። ሲጠቃለል ግን አደጋው ይሰወራል። ሠራተኛው 64ቱን ይዞ ይመጣል፤ ጠረጴዛው ላይ የሚያከፋፍለው ሰው ለሸቤ 30 ሞልቶ ይሰጣል፤ ለአጋሮ የተረፈው 34 ይሆናል። አጋሮ 16 ያጣው መጨረሻ ስለተሞላ ብቻ ነው። ማንም አልወሰነም፤ የካርቶኑ ተራ ወሰነ።

ስለዚህ ደንቡ አስቀድሞ ይጻፍ። አንዱ መንገድ በተጠየቀው ልክ ማካፈል ነው፤ 64 ከ80 አራት አምስተኛ ስለሆነ ለሸቤ 24፣ ለአጋሮ 40 ይደርሳል። የተሻለው መንገድ ግን ሪፖርቱን መመልከት ነው። ሸቤ ለ2 ሳምንት የማይበቃ ቀሪ ካለው፣ አጋሮ ደግሞ የአንድ ወር ተኩል ካለው፣ ቅድሚያው የሸቤ ነው። ወባ በሚበዛበት ወቅት ይህ ልዩነት የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው። ይህን የሚወስነው ቅጹን ያየ ባለሙያ ነው፤ ጋሪ የሚገፋው ሰው ቅጹን አላየም፣ ሊጠየቅበትም አይገባም።

ፒክ ሊስቱ ላይ «የታዘዘ» እና «የተገኘ» የሚሉ ሁለት ዓምዶች የሚያስፈልጉትም ለዚህ ነው። ሠራተኛው 80ውን ሰርዞ 64 አይጽፍም፤ በጎኑ 64 ይጽፋል። ምንም ካላገኘም «የለም» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ያልነበረ ዕቃና ቦታው የተለወጠ ዕቃ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጅማ ክረምቱ ረጅም ነው፤ ጣሪያ ሲያፈስ ካርቶኑን ከሥር አንሥቶ ወደ ደረቅ ቦታ መውሰድ የተለመደ ነው። አንሺው መልካም ሠራ፤ አዲሱን ቦታ ካልመዘገበ ግን ዝርዝሩ በማግሥቱ ሰውን ወደ ባዶ መደርደሪያ ይልካል። እንዲህ ባለ መጋዘን መደርደሪያ ላይ የጠፋ መድኃኒት «አልቋል» ተብሎ ለጤና ጣቢያው ሲመለስ፣ ካርቶኑ ግን ሁለት መተላለፊያ አልፎ ተቀምጦ አይቻለሁ። ሁለቱን መለየት ቀላል ነው፤ ቢን ካርዱ ቀሪ እያሳየ ሠራተኛው «የለም» ካለ፣ ያ መስመር ከመዘጋቱ በፊት ሌላ ሰው ሄዶ ይፈልገው። የተነሣ ዕቃ ሁሉ በዚያው ሰዓት አዲስ ቦታው ይመዝገብ። ቦታው የተሳሳተ ዝርዝር የቱንም ያህል በጥሩ ሁኔታ ቢደረደር ሰውን በፍጥነት ወደ ተሳሳተ ቦታ ከማድረስ አያልፍም።

አሁን ጋሪው ጠረጴዛው ዘንድ ደርሷል። ሁለተኛው መገልበጥ ይጀምራል፤ ከመደርደሪያ ወደ ጤና ጣቢያ። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ቦታ ተለይቶ ስማቸው ተለጥፎባቸዋል፤ ሰቃ፣ ሸቤ፣ አጋሮ። አከፋፋዩ ከጋሪው አንድ ዕቃ ብቻ ያነሣል፤ ለምሳሌ ፓራሲታሞሉን 150 ሁሉ። 50 እዚህ፣ 30 እዚያ፣ 70 እዚያ። እጁ ላይ ምንም መቅረት የለበትም። ፓኬት ከተረፈ ወይም ከጎደለ ቆሞ ይቆጥራል እንጂ ወደሚቀጥለው ዕቃ አያልፍም። ሁለት ዕቃ አንድ ላይ ከተከፋፈለ ስሕተቱ የት እንደገባ ማወቅ አይቻልም።

ወረቀቱ ራሱም ከመውጣቱ በፊት ይፈተሻል። የየጤና ጣቢያው ዓምድ ወደ ታች ይደመር፤ ሰቃ 145፣ ሸቤ 105፣ አጋሮ 235፤ በጠቅላላው 485። የየዕቃው ድምርም ይደመር፤ 50፣ 25፣ 125፣ 150፣ 80 እና 55፤ ይህም 485 ነው። ጠርሙስና ፓኬት መደመር በራሱ ትርጉም የለውም፤ መቆጣጠሪያ ግን ይሆናል። ሁለቱ ካልገጠሙ ሲጠቃለል አንድ መስመር ወድቋል ወይም ሁለት ጊዜ ገብቷል ማለት ነው። ኮአርተሙ 64 ሆኖ 24 እና 40 ከተከፈለ በኋላም ድምሩ እንደገና ይታያል፤ ሰቃ 145፣ ሸቤ 99፣ አጋሮ 225፤ በሁለቱም በኩል 469 መምጣት አለበት።

ይህ ፍተሻ የማይዘው አንድ ስሕተት ግን አለ፤ የመለኪያ ስሕተት። ሸቤ ፓራሲታሞል 3000 ብሎ ቢልክ፣ ፍሬ ቆጥሮ መሆኑ ወዲያው ይታወቃል፤ አንድ ፓኬት 100 ፍሬ ከያዘ 30 ፓኬት ማለቱ ነው። አስቸጋሪው ሌላው ነው። ሸቤ ኦአርኤስ 10 ያለው 10 ፓኬት ማለቱ ነው ወይስ 10 ከረጢት? ከሰቃ 15 ጋር ሲደመር 25 ይሆናል፤ ቁጥሩ የሚያስጠረጥር ነገር የለውም። ሲጠቃለል የግለሰብ ቁጥር በድምር ውስጥ ስለሚሸሸግ ይህ ስሕተት እስከ ጤና ጣቢያው ድረስ ሳይታይ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ሁሉም ቅጽ ወደ አንድ መለኪያ የሚለወጠው ከመደመሩ በፊት ነው፤ የሚመረመረውም ከዚያው ጤና ጣቢያ የቀደመ ፍጆታ ጋር ተነጻጽሮ ነው። ከወትሮው እጅግ የወረደ ወይም የወጣ ቁጥር ሲታይ ስልክ ተደውሎ ይጠየቃል።

በዙሩ ውስጥ የማይገቡ ዕቃዎችም አሉ። ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት፤ እንደ ሌላው በጋሪ ላይ ሆኖ መጋዘኑን ሲዞር ሊውል አይገባም። ከፒክ ሊስቱ ተለይቶ በራሱ ወረቀት ይጻፍ፤ ሌላው ሁሉ ታሽጎ መኪናው ሊነሣ ሲል ከማቀዝቀዣው ይውጣ። እንደ ዲያዜፓም ያሉ ቁጥጥር የሚደረግባቸው መድኃኒቶችም ከተቆለፈው ቁምሣጥን ኃላፊው ራሱ ያወጣቸዋል። እነዚህን በቦታ ቁጥራቸው ከሌላው ጋር መደርደር ዝርዝሩን ያሳምር ይሆናል፤ ሥራውን ግን ያበላሻል።

ማጠቃለልም ወሰን አለው። ስንት ቅጽ በአንድ ዙር ይግባ የሚለውን የሚወስነው የጋሪው አቅምና የጠረጴዛው ስፋት ነው። ሃያ ጤና ጣቢያ ብናጠቃልል ጉዞው በጣም ያጥራል፤ ማከፋፈሉ ግን ይረዝማል፣ ስሕተቱም ይበዛል፤ በእግር ያተረፍነውን በጠረጴዛ እንከፍላለን። እንደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ያለ ትልቅ ሆስፒታል ትዕዛዝ ደግሞ ብቻውን ጋሪ የሚሞላ ስለሆነ ከሌላ ጋር ማደባለቁ ጥቅም የለውም፤ በራሱ ዙር፣ በቦታ ተደርድሮ ይውጣ። አስቸኳይ ጥያቄም ዙር እስኪሞላ አይጠብቅም።

ቅጾቹን ለመምረጥ የተሻለው መመዘኛ የመኪናው መንገድ ነው። ሰቃና ሸቤ በቦንጋ መንገድ ላይ ናቸው፤ አጋሮ በበደሌ መንገድ። በእኛ ምሳሌ ሦስቱን ያጠቃለልነው ትዕዛዙ ትንሽ ስለሆነ ነው። ሥራው ሲበዛ የአንድ መንገድ ጤና ጣቢያዎች በአንድ ዙር ቢወጡ፣ ጠረጴዛው ላይ የሚቆየው ዕቃ በአንድ መኪና የሚሄደው ብቻ ይሆናል። ሲጫንም የሩቁ ይቅደም፤ መጀመሪያ ሸቤ ወደ ውስጥ፣ ከዚያ ሰቃ ወደ በሩ። መኪናው መጀመሪያ የሚያገኘው ሰቃን ነውና፣ ካልሆነ ሰቃ ላይ የሸቤን ካርቶን አውርዶ መልሶ መጫን ይመጣል።

እንግዲህ ከዚህ ስትመለሱ አንድ ሥራ እጠይቃችኋለሁ። ያለፈውን ሳምንት አንድ ፒክ ሊስት አውጡና በተጻፈበት ተራ መጋዘኑን በእግራችሁ ሂዱበት። ወደ ኋላ በተመለሳችሁበት ወይም ዕቃውን ባጣችሁበት መስመር ሁሉ አጠገብ ምልክት አድርጉ። ምልክቶቹ ሦስት ዓይነት ይሆናሉ። ቁጥሩ በሁለት አሃዝ ባለመጻፉ የመጣ ካለ መለያውን አስተካክሉ። ሁለተኛው መተላለፊያ ወደ ፊት መምጣት ሲገባው ወደ ኋላ ከወሰዳችሁ የጉዞ ተራ ዓምድ ጨምሩ። ቦታው ላይ ዕቃው ከሌለ ደግሞ መዝገቡን አርሙ። ሦስቱንም ለማስተካከል ግዢ አያስፈልግም፤ መለያ፣ አንድ ዓምድና መጋዘኑን የሚያውቅ ሰው ይበቃል። ከዚያ በኋላ የየጤና ጣቢያውን ዓምድ ጨምሩበትና ደምሩት፤ በሁለቱም በኩል አንድ ቁጥር ሲመጣ ወረቀቱ ወደ መጋዘን ለመግባት ደርሷል።